ፅንስ ከወረደ በኋላ "6 ወር ጠብቂ" የሚባለው ምን እስኪሆን ነው?

ልደታ ኮንዶሚኒየም (ጠያቂ) | ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም እህቶቼ። በቅርቡ የ9 ሳምንት ፅንስ ወርዶብኛል። አልትራሳውንድ ላይ የልብ ምት አልነበረውም። ከዚያ መድማት ጀመረኝ። ሙሉ በሙሉ ስላልወጣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ኤም ቪ ኤ በሚባለው የእጅ መምጠጫ አጸዱልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የመጀመሪያዬ ነበር።

አሁን ግራ የገባኝ መቼ እንደገና እንሞክር የሚለው ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር 6 ወር ጠብቂ ብላ መከላከያ ልትሰጠኝ ነበር። ስታዲየም አካባቢ ያየኝ የማህፀን ሐኪም ደግሞ አንድ ፔሬድ ካየሽ በቂ ነው አለኝ። አማቴ ዓመት ሳይሞላሽ እንዳታስቢው ይላሉ። "ብርድ ገብቶሻል፣ ማህፀንሽ ገና አልጠናም" ነው የሚሉኝ። ሦስቱም ለኔ አስበው ነው። ግን ሦስት የተለያየ መልስ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ዓመት መጠበቅ በዕድሜዬ ያስፈራኛል። ቸኩዬ ደግሞ ሁለተኛ እንዳላጣ እፈራለሁ።

መድማቱ ቆሟል። ፔሬድ ገና አልመጣም። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ልቤም ይመታል። ከሀዘኑ ነው ብዬ ትቼው ነበር። የደም ምርመራዬ ላይ ሄሞግሎቢን 10.4 ይላል። ስለሱ ማንም ምንም አላለኝም።

---

ትዕግስት ዘፒያሳ | ሰኞ ማታ 3:15

እህቴ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ የማውቀው ማህፀን ከታጠበ ቢያንስ 6 ወር እንደሚያስፈልግ ነው። ውስጡ ቁስል ነዋ። ቁስሉ ሳይሽር ፅንስ አይይዝም፤ ቢይዝም ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ በሁለተኛው ወር አርግዛ እንደገና ወረደባት። ስለዚህ ሲስተሯ ያለችሽን ስሚ። ደግሞ ራስሽን ጠብቂ፣ ቀዝቃዛ ነገር አትንኪ፣ አጥሚትና የዶሮ ሾርባ አይለይሽ።

---

ማሂ | ሰኞ ማታ 3:32

መከላከያ ከሆነ የምትጠይቂው የሦስት ወሩን መርፌ እንዳትወጊ። እኔ ካቆምኩት በኋላ ፔሬዴ እስኪስተካከል ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ኪኒን ወይም ኮንዶም ይሻልሻል።

---

ልደታ ኮንዶሚኒየም (ጠያቂ) | ሰኞ ማታ 3:40

ማሂዬ አመሰግናለሁ፤ ግን እኔ የጠየቅኩት ስለ መከላከያ ሳይሆን መቼ መሞከር እንደምንችል ነው።

---

አዋላጇ ሲስተር | ሰኞ ማታ 5:05

ተረኛ ነበርኩ፣ አሁን ነው ያየሁት። ልደታ፣ ስለደረሰብሽ በጣም አዝኛለሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ። እንዳንቺ ያሉ እናቶችን በየጊዜው ስለማገኝ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ 6 ወሩ ከየት መጣ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባለሙያዎች ሰብስቦ ያወጣው ምክር ነው። በዋናነት የተመሠረተው በላቲን አሜሪካ የሆስፒታል መዝገቦች ላይ በተሠራ አንድ ትልቅ ጥናት ነው። ያ ጥናት ግን በራሱ የወረደውንና ሆን ተብሎ የተቋረጠውን እርግዝና አልለየም። ሁለቱ ሴቶች የሚያልፉበት ነገር አንድ አይደለም፤ በተለይ ማቋረጡ ንጽህና በሌለበት ቦታ ተደርጎ ከሆነ። እኛ ግን በስልጠና የተማርነው ይህን ቁጥር ነው። ስለዚህ ሲስተሯ ከኪሷ አውጥታ አልነገረችሽም።

ከዚያ በኋላ ሌሎች ጥናቶች መጡ። በ2010 ስኮትላንድ ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች የታዩበት ጥናት አለ። ፅንስ ከወረደባቸው በኋላ ከ6 ወር በፊት ያረገዙት እንዲያውም ዳግመኛ የማጣት ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በ2022 የወጣ የኖርዌይ ጥናትም ከ3 ወር በፊት ባረገዙት ላይ እንኳ የከፋ ነገር አላየም። እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ አለብን። ቶሎ የሚያረግዙ ሴቶች ከመጀመሪያውም ጤናቸው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥናቶቹ "ፍጠኚ፣ ይጠቅምሻል" አይሉም። የሚሉት መፍጠን በራሱ ፅንስ አያስወርድም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚወርደው አብዛኛው ፅንስ የሚወርደው ከመነሻው የክሮሞዞሞቹ ቁጥር ተዛብቶ ስለሚፈጠር ነው። የትዕግስት የአክስት ልጅም ሁለተኛውን ያጣችው ስለቸኮለች ነው ማለት አይቻልም።

ቁስሉን በተመለከተ ትዕግስት ግማሹን ልክ ናት። የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ግን በየወሩ እየረገፈ እንደገና የሚበቅል ነገር ነው። በኤም ቪ ኤ ቀስ ተብሎ ከተጠረገ በአንድ ዙር ይታደሳል። የሚያሰጋው በስለታም ብረት በኃይል ሲፋቅ ወይም ኢንፌክሽን ሲከተል ነው። ያኔ ውስጡ ጠባሳ ሊፈጥርና ግድግዳው እርስ በርስ ሊጣበቅ ይችላል። ምልክቱ ፔሬድ ነው። 8 ሳምንት አልፎ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ከድሮው በጣም ካነሰ፣ ተመልሰሽ ታዪ።

ስለዚህ እኔ ቀን ከመቁጠር ይልቅ ሦስት ነገር እጠብቃለሁ። አንደኛ ደሙ ጨርሶ መቆም አለበት። እስከዚያ ግንኙነት አይደረግም፤ የማህፀን በር ገና ሙሉ በሙሉ ስላልተዘጋ ኢንፌክሽን ይገባል። ሁለተኛ የእርግዝና ምርመራው ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ሦስተኛ አንድ ፔሬድ መምጣት አለበት። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ይመጣል። ሦስተኛው ለማህፀኑ ሲባል ሳይሆን በኋላ የፅንሱን ዕድሜ በትክክል ለመቁጠር ነው። እንቁላል በሁለት ሳምንት ውስጥ እንኳ ሊወጣ ስለሚችል ፔሬድ ሳያዩ የሚያረግዙም አሉ። እነሱም አይደንግጡ፤ ቀኑ በአልትራሳውንድ ይሰላል።

ይህ የማሂን ነገር አስታወሰኝ። ጥያቄውን ባትመልስም ያለችው ቁም ነገር ነው። ጥቂት ወር ብቻ ለመጠበቅ የምታስብ ሴት የሦስት ወሩን መርፌ ብትወጋ፣ መርፌው ካለቀ በኋላ እንቁላል መውጣት እስኪጀምር ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለአጭር ጊዜ ኮንዶም ይበቃል።

አሁን ወደ 10.4 ልምጣ። ልደታ፣ የእኔ ጭንቀት ማህፀንሽ አይደለም። ደምሽ ነው። ነገ ጠዋት እመለስበታለሁ።

---

አቤል ነኝ | ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ሲስተር፣ ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ ገባሁባችሁ። ባለቤቴም ፅንስ ወርዶባት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ በሽንት ስትመረመር ፖዘቲቭ አለ። አርግዛለች ብለን ደስ ብሎን ለእናቷ ሁሉ ነገርን። አሁን ደግሞ ደም ብቅ ብቅ ይላል። እንደገና ወረደ ማለት ነው?

---

አዋላጇ ሲስተር | ማክሰኞ ጠዋት 2:10

አቤል፣ ገብተህ መጠየቅህ ጥሩ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ፖዘቲቭ ማለት ሁልጊዜ አዲስ እርግዝና አይደለም። ያለፈው እርግዝና ሆርሞን ከደም ተጠርጎ እስኪወጣ አንዳንዴ ሦስት አራት ሳምንት ይወስዳል። ሁለተኛው ዕድል ማህፀን ውስጥ የቀረ ነገር አለ ማለት ነው። እውነት አዲስ እርግዝናም ሊሆን ይችላል። በሽንት ሦስቱን መለየት አይቻልም። የሆርሞኑን መጠን በደም ይለኩላትና ከ48 ሰዓት በኋላ ይድገሙት። እየወረደ ከሆነ የድሮው ነው፤ በደንብ እየጨመረ ከሆነ አዲስ ነው፤ ባለበት ከቆመ ወይም ወዲያ ወዲህ ካለ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

ደም ብቅ የሚለው አሁን ከሆነ ዛሬ ውሰዳት። ትኩሳት ካላት፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ ሆዷን በአንድ ጎን ከቆረጣት፣ ወይም በሰዓት ሁለት ሞዴስ የሚያረጥብ ደም ከሆነ ተራ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

---

አዋላጇ ሲስተር | ማክሰኞ ጠዋት 2:45

ልደታ፣ ወደ አንቺ። ሄሞግሎቢን 10.4 የደም ማነስ ነው። ደረጃ ላይ የሚያጥርሽ ትንፋሽ ከሀዘኑ ብቻ አይመስለኝም። ግማሽ ሊትር ደም ሲፈስ ከ200 እስከ 250 ሚሊግራም ብረት አብሮ ይሄዳል። አንድ ሙሉ እርግዝና ደግሞ ወደ 1,000 ሚሊግራም ብረት ይፈልጋል። መጠባበቂያሽ ባዶ ሆኖ ብታረግዢ ፅንሱ የራሱን ይወስዳል፤ የምትጎጂው አንቺ ነሽ። በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈስሽ መቋቋሚያ አይኖርሽም።

ለእንዲህ ያለችዋ ሴት በብዛት የሚሰጠው ጤና ጣቢያ ያለው ብረትና ፎሊክ አሲድ አንድ ላይ ያለው ኪኒን ነው። 60 ሚሊግራም ብረትና 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ አለው። ሐኪምሽ መጠኑን ሊያሳድገው ይችላል። በባዶ ሆድ በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ ብትወስጂው ይሻላል። ካቅለሸለሸሽ ከምግብ ጋር ውሰጂው፤ ጨርሶ ከመተው ይሻላል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትፍሪ። ቡናና ሻይ ግን ከኪኒኑ በፊትም በኋላም ሁለት ሰዓት ያህል ይራቁ። ብዙ ሴት ኪኒኑን ከቁርስ ሻይ ጋር ትውጠውና "አልሠራልኝም" ትላለች።

በ4 ሳምንት ውስጥ ሄሞግሎቢንሽ ቢያንስ በ1 መጨመር አለበት። ካልጨመረ ምክንያት አለው፤ የሆድ ትል፣ የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ያልቆመ መድማት ይፈለጋል። ሄሞግሎቢኑ ከተስተካከለ በኋላም ኪኒኑ ወዲያው አይቆምም። መጠባበቂያው እስኪሞላ ሌላ ሦስት ወር ይቀጥላል።

ፎሊክ አሲዱን ደግሞ መቼም ብትሞክሩ ዛሬ ጀምሪ። የፅንሱ ህብለ ሰረሰር የሚዘጋው ከተረገዘ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ያኔ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟን ገና አላወቀችም። በአገራችን ህብለ ሰረሰራቸው በደንብ ሳይዘጋ የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ትንሽ አይደለም። ከመሞከር በፊት ቢያንስ አንድ ወር መውሰድ ያስፈልጋል።

---

ላብራቶሪ ሰው | ማክሰኞ ቀን 7:30

ሲስተር ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ላብራቶሪ ወረቀት ላይ የሚታተመው ለሴት ከ12 በላይ የሚለው መጠን የተለካው በባህር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል። በዓለም ጤና ድርጅት ማስተካከያ ለአዲስ አበባ ሴት መነሻው ወደ 13 ይጠጋል። ስለዚህ 10.4 እዚህ ከተማ ሲታይ ከወረቀቱም የባሰ ነው። 12.2 ሆኖ "ኖርማል" ተብላ የምትመለሰው ሴትም ብረቷ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

---

አዋላጇ ሲስተር | ማክሰኞ ቀን 8:05

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንከራከር። በኢትዮጵያ ደጋ ነዋሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሉ። ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከባህር ጠለል ሰዎች ብዙም እንዳልበለጠ አሳይተዋል። የአንዲስ ተራራ ሰዎች እንደሚጨምሩት የእኛ ሰው አይጨምርም። ታዲያ ያንን ማስተካከያ እንዳለ ለሁላችን ብንወስደው ጤነኛዋን ሁሉ ደም አንሶሻል ልንል ነው።

---

ላብራቶሪ ሰው | ማክሰኞ ቀን 8:40

እውነት ነው፣ ያ ክርክር አለ። ግን እሱ ትውልድ ከትውልድ ደጋ ላይ ለኖረ ነው። አዲስ አበባ ከቆላ የመጣውም፣ ከደጋ የመጣውም ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው። በአንድ ቁጥር መፍረድ ስለሚከብድ እኔ ፌሪቲን ይታዘዝ እላለሁ። የተጠራቀመውን ብረት በቀጥታ የሚያሳየው እሱ ነው። ከ15 በታች ከሆነ መጋዘኑ ባዶ ነው። ጉንፋን ወይም ኢንፌክሽን ባለበት ጊዜ ግን አታስለኩት፤ ያኔ ያለአግባብ ከፍ ይላል። በሁሉም ጤና ጣቢያ አይሠራም፤ በግል ላብራቶሪ ግን ይገኛል።

---

የሦስት ልጆች እናት | ማክሰኞ ማታ 1:50

ልጄ ልደታ፣ እኔም በልጅነቴ ደርሶብኛል። ያኔ የሚነግረን አልነበረም። አማትሽ ብርድ የሚሉሽ እንድታርፊ ነው፤ በዚያ አትቀየሚያቸው። እኔ የምጨነቀው በጾሙ ነው። ሥጋውም እንቁላሉም ከቀረ ደሙ ከየት ይመጣል? እኔ የነፍስ አባቴን ጠይቄ ነበር፤ እስክትጠኚ ብዪ ብለው ፈቀዱልኝ። አንቺም ጠይቂያቸው።

---

አዋላጇ ሲስተር | ማክሰኞ ማታ 2:15

እናቴ፣ ትክክል ነዎት። በተለይ ጉበትና ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ከእህሉ ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። በጾም የምትቀጥል ደግሞ ምስሩንና ጎመኑን ከቲማቲም ወይም ከሎሚ ጋር ትብላ፣ ቡናውን ከምግቡ ታርቀው። ጤፍ ብረት አለው ብሎ በእሱ ብቻ መተማመን ግን አይበቃም፤ ከብረቱ ብዙው ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። ከጀመረ የደም ማነስ በምግብ ብቻ አይወጣም፤ ኪኒኑ ያስፈልጋል።

---

ስም አልጽፍም | ማክሰኞ ማታ 3:00

ሁሉም "አንድ ፔሬድ ይበቃል" ሲል ልቤ ተናደደ። ለእኔ ሐኪሙ ሆርሞኑ እስኪወርድና ከዚያም በኋላ እንድጠብቅ በጥብቅ ነገረኝ። የወጣው ነገር የወይን ዘለላ ይመስላል ብለው ለፓቶሎጂ ልከውት ነበር። አሁንም በየጊዜው ደም እሰጣለሁ። እኔ ለምን እንደዚህ ሆንኩ?

---

አዋላጇ ሲስተር | ማክሰኞ ማታ 3:25

እህቴ፣ የአንቺው ሌላ ነው፤ ሐኪምሽም ልክ ነው። የሞላር እርግዝና ይባላል። የቀረው ቁራጭ እንደገና ሊያድግ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ወደ ካንሰር ይለወጣል። ያንን የምናውቀው ሆርሞኑን በመከታተል ብቻ ነው። መሃል ላይ ካረገዝሽ ሆርሞኑ ከእርግዝናው ይሁን ከበሽታው መለየት አይቻልም። መጠበቁ ለዚህ ነው። ቀጠሮ አታሳልፊ፣ መከላከያሽንም አታቋርጪ። ምንም አጥፍተሽ አይደለም፤ በመፀነስ ጊዜ በሚፈጠር መዛባት የሚመጣ ነው።

እግረ መንገዴን ሌላም ልናገር። ከማህፀን ውጭ አርግዛ ሜቶትሬክሴት የተወጋች ሴትም ቢያንስ 3 ወር ትጠብቃለች። መድኃኒቱ ፎሊክ አሲድን የሚያጠፋ ስለሆነ አዲሱን ፅንስ ይጎዳል። ፅንሱ የወረደባት ዘግይቶ፣ አምስተኛ ወር አካባቢ ከሆነም ምክንያቱ መጀመሪያ ይፈለጋል። ለልደታ የጻፍኩት ለእነዚህ አይሠራም።

---

ትዕግስት ዘፒያሳ | ማክሰኞ ማታ 3:50

ሲስተር፣ አንብቤዋለሁ። ግን የአክስቴ ልጅ አሁን ሁለት ጊዜ አጥታለች። እሷም ዝም ብላ ትሞክር?

---

አዋላጇ ሲስተር | ማክሰኞ ማታ 4:05

አይ፣ ሁለት ተከታታይ ከሆነ ብዙ ሐኪሞች ምርመራ ይጀምራሉ፤ ሦስት እስኪሞላ የሚጠብቁም አሉ። ታይሮይድ፣ ስኳር፣ የማህፀን ቅርጽ፣ ደም የሚያረጋ ችግር ካለ ይታያል። እኔ ብሆን ሁለተኛው ላይ እጠይቅ ነበር፤ በተለይ ዕድሜዋ ከ35 ካለፈ።

---

ልደታ ኮንዶሚኒየም (ጠያቂ) | ቅዳሜ ጠዋት 4:10

ፌሪቲን አስለካሁ፤ 9 ነው። ፔሬዴም መጣ፣ እንደ ድሮው ነው። ሐኪሙ ብረት ጀመረልኝ። በአራተኛው ሳምንት እንደገና እለካለሁ። ሄሞግሎቢኔ ከ12 ሲያልፍ እንሞክራለን ብለን ከባለቤቴ ጋር ተስማምተናል፤ እስከዚያ ኮንዶም። አማቴን ደግሞ ደሜ ስለወረደ ነው የምጠብቀው አልኳቸው። ጉበት ገዝተው መጡ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ሲሳካ መቼ ነው አልትራሳውንድ የምታየው? ባለፈው በጣም ቀድሜ ሄጄ ምንም አይታይም ብለውኝ ሌሊቱን በሙሉ አልተኛሁም።

---

አዋላጇ ሲስተር | ቅዳሜ ቀን 6:30

7 ሳምንት ሲሞላ ሂጂ። ከዚያ በፊት ጤነኛው እርግዝናም የልብ ምት ላያሳይ ይችላል፤ ያለምክንያት ትጨነቂያለሽ። ሆድሽን በአንድ ጎን ካመመሽ ወይም ደም ካየሽ ግን 7 ሳምንት አትጠብቂ። ፔሬድሽ የጀመረበትን ቀን ደግሞ አሁኑኑ ጻፊው፤ የሚቆጠረው ከእሱ ነው።